ከ60 44 ማምጣት ጎበዝነት ነው? ጥሬ ማርክ፣ ስኬል እና ፐርሰንታይል

እ.ኤ.አ. በጁን 2018 አሜሪካ ውስጥ ኤስኤቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና የወሰዱ ብዙ ተማሪዎች ፈገግ ብለው ነው የወጡት። ፈተናው ከወትሮው ቀለል ብሎላቸው ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ግን ክው አሉ። ከዚያ በፊት በወሰዱት ፈተና ከሳቱት ያነሰ ጥያቄ ስተው፣ ያነሰ ውጤት የተሰጣቸው ልጆች ነበሩ። ማኅበራዊ ሚዲያው ተንጫጫ። «ውጤታችን እንደገና ይታይልን» የሚል ዘመቻ ተጀመረ። የፈተናው ባለቤት ኮሌጅ ቦርድ ግን አልተበገረም። ፈተናው ስለቀለለ ነው እንጂ ስሌቱ ልክ ነው አለ።

ለተፈታኙ ይሄ ግፍ ነው የሚመስለው። ብዙ ጥያቄ መልሼ እንዴት ውጤቴ ይቀንሳል? እኔ ስሌቱ ልክ ነበር ባይ ነኝ። ጥፋት ከነበረ ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ጥሬው ማርክ ከወረቀቱ ተነስቶ የውጤት ካርዱ ላይ እስኪደርስ ምን እንደሚደረግበት እንይ።

ጥሬ ማርክ ማለት ያገኘነው ነጥብ እንዳለ፣ ምንም ሳይነካ ነው። ከ60 ጥያቄ 44ቱን መለስን፣ ጥሬ ማርካችን 44 ነው። ችግሩ ይህ ቁጥር የሁለት ነገር ድብልቅ መሆኑ ነው። አንዱ የተማሪው ችሎታ ነው። ሌላው የፈተናው ክብደት ነው። 44 ያመጣችው ልጅ ጎበዝ ስለሆነች ነው ወይስ ፈተናው ስለቀለለ? ቁጥሩን ብቻ ይዘን ልናውቅ አንችልም።

ሁሉም ሰው በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ወረቀት ላይ ከተቀመጠ ነገሩ ብዙም አያስጨንቅም። ከበደም ቀለለም ለሁሉም ነው። ፈተናው በዓመት ውስጥ ደጋግሞ የሚሰጥ ሲሆን ግን ያው ጥያቄ ደግሞ አይመጣም። አዲስ ወረቀት መዘጋጀት አለበት። የቱንም ያህል የተካነ ባለሙያ ቢያዘጋጀው፣ ሁለት ወረቀቶች ልክ እኩል ክብደት ኖሯቸው አያውቁም። አንዱ ሁልጊዜ በትንሹም ቢሆን ይከብዳል። ስለዚህ የ44ን ትርጉም ከወረቀቱ ክብደት የሚያላቅቅ ሥራ ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ማመጣጠን ይባላል።

ሁለት ወረቀት፣ አንድ ሚዛን

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹን እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው፤ አካሄዱ ግን እውነተኛው ነው።

60፣ 60 ጥያቄ ያላቸው ሁለት ወረቀቶች አሉን እንበል። ወረቀት «ሀ» መጀመሪያ ተሰጠ። አማካይ ውጤቱ 36 ሆነ። የውጤቶቹ መበታተን፣ ማለትም ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ፣ 10 ነው። በሌላ አነጋገር ብዙው ሰው ከ36 ወደ ላይም ወደ ታችም በ10 ማርክ ርቀት ውስጥ ነው ያለው። ከወራት በኋላ ወረቀት «ለ» ለሌሎች ተፈታኞች ተሰጠ። አማካዩ 40፣ መበታተኑ 8 ሆነ።

ለጊዜው ሁለቱ የተፈታኝ ቡድኖች በችሎታ እኩል ናቸው ብለን እንያዝ። እንዲያ ከሆነ «ለ» ቀሏል ማለት ነው። ታዲያ ምን እናድርግ? ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ አማካዩ በ4 ስለበለጠ ከ«ለ» ተፈታኞች ሁሉ 4፣ 4 ማርክ መቀነስ ነው። ቀላል ነው፤ ግን ስህተት ነው። የ«ለ» ውጤቶች ከፍ ብቻ አላሉም፣ ተጠጋግተዋልም።

ትክክለኛው መንገድ ተማሪዋ ከወረቀቷ አማካይ በስንት መበታተን እንደራቀች አይቶ፣ በሌላው ወረቀት ላይ ያንኑ ያህል የራቀው ማርክ ስንት እንደሆነ መፈለግ ነው። በ«ለ» 44 ያመጣችው ልጅ ከአማካዩ በ4 ትበልጣለች። መበታተኑ 8 ስለሆነ ይህ ግማሽ መበታተን ነው። በ«ሀ» ላይ ግማሽ መበታተን 5 ማርክ ነው። 36 ሲደመር 5፣ 41። ስለዚህ በ«ለ» 44 ማለት በ«ሀ» 41 ማለት ነው። 3 ማርክ ወረደች።

አሁን ሌሎቹን እንይ። በ«ለ» 32 ያመጣው ልጅ ከአማካዩ በአንድ ሙሉ መበታተን ዝቅ ብሏል። በ«ሀ» ይህ 26 ነው። እሱ 6 ማርክ ወረደ። 56 ያመጣችው ደግሞ በሁለት መበታተን ከፍ ብላለች። በ«ሀ» ይህ 36 ሲደመር 20፣ ማለትም ያው 56 ነው። እሷ ላይ ምንም አልተቀነሰም! «ለ» ለደካማውና ለመካከለኛው ተማሪ ቀሏል፤ ጫፍ ላይ ላለው ግን ከ«ሀ» የተለየ አልነበረም። ከሁሉም ላይ 4 ብንቀንስ ኖሮ ጎበዟን በድለን ደካማውን እንሸልም ነበር።

እስቲ ደግሞ 60 ከ60 ያመጣውን እንሞክር። ከአማካዩ በሁለት መበታተን ተኩል ይበልጣል። 36 ሲደመር 25፣ 61። ከ60 61! ይህ ቀመር ጫፍ ላይ ሲደርስ እንዲህ ነው የሚያደርገው። በዚህ የተነሳ ብዙ ፈተና አዘጋጆች በአማካይና በመበታተን ፋንታ በደረጃ ያመጣጥናሉ። በ«ለ» ከ100 ሰው 70ውን የሚበልጠው ማርክ የትኛው ነው? በ«ሀ»ስ ከ100 ሰው 70ውን የሚበልጠው? ሁለቱ ማርኮች እኩል ናቸው ይባላል። ከላይ እስከ ታች በዚህ መልክ ከተዛመደ 61 የሚባል ነገር አይመጣም። ይህን መንገድ ልብ በሉት፤ ፐርሰንታይል ከዚሁ ነው የሚወለደው።

ግን ቡድኖቹ እኩል ባይሆኑስ?

እስካሁን ያልነው ሁሉ ቡድኖቹ እኩል ናቸው በሚል ግምት ላይ የቆመ ነው። እውነተኛው ራስ ምታት እዚህ ጋ ይጀምራል። የ«ለ» አማካይ 40 የሆነው ወረቀቱ ቀልሎ ሳይሆን ጎበዞች ተሰብስበው ስለተቀመጡ ቢሆንስ? ለምሳሌ አስቀድመው የተዘጋጁ ተማሪዎች አንድን ወቅት መርጠው ሊመዘገቡ ይችላሉ።

መፍትሔው መልህቅ ጥያቄዎች ናቸው። በሁለቱም ወረቀቶች ውስጥ ምንም ሳይቀየሩ የሚገቡ የጋራ ጥያቄዎች ማለት ነው። 15 ይሁኑ። ተፈታኙ የትኞቹ እንደሆኑ አያውቅም። ጥያቄዎቹ ያው ስለሆኑ፣ በእነሱ ላይ የሚታየው ልዩነት ከወረቀቱ ሳይሆን ከሰዎቹ ነው።

የመጀመሪያው ቡድን በ15ቱ ላይ በአማካይ 9 አመጣ እንበል፤ መበታተኑ 3። ሁለተኛው ቡድን 10.5 አመጣ፤ መበታተኑ ያው 3። እንግዲህ ሁለተኛው ቡድን በግማሽ መበታተን ይበልጣል። ይህ ቡድን ወረቀት «ሀ»ን ቢወስድ ኖሮ አማካዩ 36 ሳይሆን 41 ይሆን ነበር ብለን እንገምታለን። በ«ለ» ያመጣው ግን 40 ነው። ነገሩ ተገለበጠ! «ለ» ቀላል መስሎን ነበር፤ ለካ በትንሹ ይከብዳል። በ«ለ» 44 ያመጣችው ልጃችን አሁን ስናሰላት በ«ሀ» 46 ታወጣለች። ቅድም 41 ነበረች። እሷ የመለሰችው አልተለወጠም። የተለወጠው 15 ጥያቄዎች ስለ ሌሎቹ ተፈታኞች የነገሩን ነገር ነው።

ለዚህ ነው መልህቆቹ እንደ ዓይን ብሌን የሚጠበቁት። ሾልከው ከወጡ ጣጣው ከኩረጃ ይከፋል። ጥያቄዎቹን አስቀድመው ያዩ ልጆች የቡድኑን የመልህቅ አማካይ ከ9 ወደ 10.5 ቢያደርሱት፣ ስሌቱ ቡድኑ ጎበዝ ነው ብሎ ያምናል። ከዚያ ለሁሉም ይጨምራል። ምንም ያላየችው ልጅ ሳይቀር ያልሠራችበትን 5 ማርክ ታገኛለች። የሚጎዱት ደግሞ ከወራት በፊት በንጹሕ የተፈተኑት ናቸው፤ እነሱ ይህን ማወቂያም የላቸውም።

ባለሙያው ይህን እንዴት ያውቃል? የ15ቱን ጥያቄዎች የመላሽ ብዛት ጎን ለጎን ይደረድራል። 14ቱ ከመጀመሪያው ቡድን ወደ ሁለተኛው ሲሄዱ 2 ወይም 3 ከመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ካሉ፣ አንዱ ብቻ ከ58 ከመቶ ወደ 81 ከመቶ ከዘለለ፣ እዚያ ነገር አለ። ያ ጥያቄ ከመልህቅነት ይወጣል፤ ስሌቱ እንደገና ይሠራል። ሁልጊዜ ግን ሌብነት አይደለም። በመጀመሪያው ወረቀት መጨረሻ ላይ የነበረ ጥያቄ በሁለተኛው ወደ መጀመሪያ ሲመጣ፣ ሰው ሳይደክመውና ሰዓት ሳያልቅበት ስለሚያገኘው ሊቀል ይችላል። አንድ ርዕስ በዜና ላይ በብዛት ሲነሳም እንዲሁ። ከባዱ 14ቱ አንድ ላይ የሾለኩ ጊዜ ነው። ያኔ ከመስመር የወጣ ነገር አይታይም፤ ቡድኑ በሙሉ የጎበዘ ይመስላል።

ስኬሉ ለምን እንግዳ ቁጥር ሆነ?

ማመጣጠኑ ካለቀ በኋላ ያለው ቀላል ነው። በመጀመሪያው ምሳሌያችን የወጣውን 41 እንደ 41 ማውጣት ይቻላል፤ ግን ልጅቷ «44 መልሼ 41 ተባልኩ» ብላ አዘጋጁን ከሰሰችው ማለት ነው። ስለዚህ ማንም ከጥያቄ ብዛት ጋር የማያምታታው ሌላ ሚዛን ይመረጣል። በወረቀት «ሀ» 36ን 500 ብለን፣ እያንዳንዱን ማርክ 10 ነጥብ ብናደርገው፣ 41 ማለት 550 ይሆናል። የኤስኤቲ እያንዳንዱ ክፍል ከ200 እስከ 800፣ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የሆነው የጂአርኢ የቋንቋና የሒሳብ ክፍል ደግሞ ከ130 እስከ 170 የሆኑት በዚህ ሐሳብ ነው። የታችኛው ጫፍ ዜሮ ያልሆነውም ሆን ተብሎ ነው፤ ከመቶ የታሰበ እንዳይመስል።

ሚዛኑ አንዴ ከተተከለ መንቀሳቀስ የለበትም። ኤስኤቲ እ.ኤ.አ. በ1941 የተፈተኑትን ልጆች መነሻ አድርጎ አማካዩን 500 አለ። ከዚያ በኋላ የመጣው ወረቀት ሁሉ ወደዚያ ሚዛን ይመጣጠን ነበር። ዓመታት አለፉ፤ የሚፈተነው ሰው ብዛቱም ዓይነቱም ተለወጠ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቋንቋው አማካይ ከ430 በታች ወርዶ ነበር። ሰው ግን አሁንም 500ን መካከለኛ አድርጎ ነበር የሚያስበው። በ1995 ሚዛኑ እንደገና ተስተካክሎ አማካዩ ወደ 500 ተመለሰ። አንዳንዱ «ውጤት በነጻ ታደለ» ብሎ ተሳለቀ። እውነቱን ለመናገር ግን ከ1995 በፊትና በኋላ ያለው 500 አንድ አይደለም፤ ሁለቱን ያለ መቀየሪያ ሠንጠረዥ ያወዳደረ ሰው ይሳሳታል።

ግሬድ ወይም የማለፊያ ነጥብም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በደንብ የተሠራ የማለፊያ ነጥብ እንደ ኩታ ዝም ብሎ 50 ከመቶ ላይ አይጣልም። በሙያው የታወቀው አንዱ ዘዴ በዊልያም አንጎፍ ስም ይጠራል። የትምህርቱ ባለሙያዎች ይሰበሰቡና «ለጥቂት የሚያልፍ» ተማሪን በሐሳባቸው ይሥላሉ። ከዚያ ጥያቄ በጥያቄ ይሄዳሉ፤ እንዲህ ካሉ 100 ተማሪዎች ይህን ስንቱ ይመልሱታል? የየጥያቄው አማካይ ግምት ተደምሮ ለ100 ሲካፈል ከ60 33 ከመጣ ማለፊያው 33 ነው። ግን ለወረቀት «ሀ» ብቻ። ቡድኖቹ እኩል በነበሩበት በመጀመሪያው ምሳሌያችን የ«ሀ» 33 በ«ለ» ሲመጣጠን 37.6 ይሆናል። ስለዚህ በ«ለ» ማለፊያው 38 ነው። ከውጭ ለሚያየው «ማለፊያውን በ5 ማርክ ከፍ አደረጉት» ይመስላል። ያልተነካው ግን የሚጠበቀው ችሎታ ነው። ለላይኛው 10 ከመቶ «ኤ» የሚሰጥበት ከርቭ የሚባለው አሠራር ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። እዚያ ሁሉም ቢጎብዝም «ኤ» ለ10 ከመቶው ብቻ ነው።

ወደ ጁን 2018 ልመለስ። ወረቀቱ ሲቀል ጥሬ ማርኮቹ ወደ ላይኛው ጫፍ ይከማቻሉ። ጎበዝንና በጣም ጎበዝን የሚለዩ ከባድ ጥያቄዎች ጥቂት ብቻ ይቀራሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ የተሳተ ጥያቄ ብዙ ነጥብ ይዞ ይወርዳል። በግድየለሽነት አንድ ምልክት ያሳሳተ ልጅ፣ በሌላ ወረቀት 10 ነጥብ የሚያጣበትን እዚህ 30 ሊያጣበት ይችላል። ማመጣጠን ክብደትን ያስተካክላል እንጂ ወረቀቱ ያልያዘውን መረጃ ከየትም አያመጣም። ለእኔ ስህተቱ ቀመሩ ላይ ሳይሆን ጥያቄው ሲመረጥ የተሠራ ነው። ልጆቹ የተናደዱት በከንቱ አልነበረም፤ የተናደዱበት ቦታ ነው የተሳሳተው።

ፐርሰንታይል፦ ከማን ጋር?

550 አመጣሁ ብሎ የሚነግራችሁ ሰው ፊቱ ላይ ደስታም ኀዘንም ከሌለ፣ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ፐርሰንታይል ለዚህ ነው የሚታከለው። ከ100 ተፈታኞች ስንቱን እንደምትበልጡ ይናገራል። 85ኛ ፐርሰንታይል ማለት 85 ከመቶ መለሰ ማለት አይደለም። ከጥያቄዎቹ ግማሹን ብቻ መልሶ 85ኛ ፐርሰንታይል ላይ መቀመጥ ይቻላል፤ ወረቀቱ የባሰበት ከሆነ።

አሰላሉ ላይ ግን ሁለት መንገድ አለ፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። 2,000 ሰው ተፈተነ እንበል። 1,700ው ከእናንተ ያነሰ አመጣ። እናንተን ጨምሮ 40 ሰው እኩል አመጣ። ያነሰ ያመጡትን ብቻ ከቆጠርን 85 ናችሁ። እኩል ያመጡትንም ከጨመርን 1,740 ለ2,000፣ ማለትም 87 ናችሁ። በመጀመሪያው አቆጣጠር ማንም 100 አይደርስም፤ ሰው ራሱን አይበልጥምና። በሁለተኛው የመጀመሪያ የወጣው ሁልጊዜ 100 ነው። ስለዚህ የአንዱን ፈተና 99 ከሌላው 100 ጋር ከማወዳደራችሁ በፊት የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ እዩ።

አንዳንድ ፈተና ፐርሰንታይልን ከውጤቱ ጎን እንደ ማብራሪያ ይጨምራል። ሌላው ደግሞ ፐርሰንታይሉን ራሱን ውጤት ያደርገዋል። የሕንዱ የኢንጂነሪንግ መግቢያ ፈተና ጄኢኢ ሜይን የሁለተኛው ዋና ምሳሌ ነው። ተፈታኙ እጅግ ብዙ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ማስቀመጥ አይቻልም። ፈተናው በተለያዩ ቀናት፣ በቀን እስከ ሁለት ፈረቃ፣ በኮምፒውተር ይሰጣል። እያንዳንዱ ፈረቃ የራሱ ጥያቄ አለው። ከፈተናው በኋላ ጥያቄውም መልሱም ይፋ ይወጣል። እንግዲህ መልህቅ ጥያቄ እዚህ ምን ሊሆን ነው? ተደብቆ የሚቆይ ጥያቄ የለም።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ሌላ መንገድ ተያዘ። እያንዳንዱ ተፈታኝ ከራሱ ፈረቃ ሰዎች ጋር ብቻ ይወዳደራል። ከእሱ እኩል ወይም ያነሰ ያመጡት ሰዎች ብዛት በ100 ተባዝቶ፣ በዚያ ፈረቃ ለተፈተኑት ብዛት ይካፈላል። ውጤቱ ይኸው ፐርሰንታይል ነው። የየፈረቃው አንደኛ፣ ጥሬ ማርኩ 290 ሆነ 270፣ 100 ያገኛል። ከዚያ የሁሉም ፈረቃ ፐርሰንታይል አንድ ላይ ተደርጎ ደረጃ ይወጣል። ብዙ ሰው እኩል እንዳይወጣ ቁጥሩ እስከ 7 የአሥርዮሽ ቦታ ይጻፋል። በሌላው ፈረቃ በ165 የተገኘን ፐርሰንታይል በከበደኝ ፈረቃ በ150 ላገኘው እችላለሁ። ወላጅ ይሄን ሲሰማ ማጭበርበር ይመስለዋል። ነገር ግን ቅድም ልብ በሉት ያልኩት በደረጃ ማመጣጠን ነው፤ አንዱ ወረቀት ወደ ሌላው በመቀየር ፋንታ ሁለቱም ወደ ደረጃ ተቀየሩ።

ድካሙም የት እንዳለ አሁን ግልጽ ነው። መልህቅ ስለሌለ፣ የፈረቃዎቹ ሰዎች በችሎታ እኩል ናቸው የሚለው ግምት ሳይፈተሽ ያልፋል። ተፈታኞች በዕጣ ከተመደቡና በየፈረቃው ብዙ አስር ሺህ ሰው ካለ ግምቱ መጥፎ አይደለም። ፈረቃው ትንሽ ከሆነ ግን፣ ወይም ጎበዞች ወደ አንድ ቀን ካጋደሉ፣ ጠንካራ ፈረቃ ላይ የወደቀ ልጅ ይጎዳል። 7ቱ የአሥርዮሽ ቦታዎች ይህን አያድኑትም። እኩል የወጡትን ለመለየት ነው የተቀመጡት እንጂ ልኬቱ ያን ያህል ስለጠራ አይደለም።

ሌላው ወጥመድ የፐርሰንታይል ደረጃዎች ርቀት እኩል አለመሆኑ ነው። ወደ ወረቀት «ሀ» እንመለስ። ውጤቶቹ መሐል ላይ ወፍራም፣ ጫፍና ጫፍ ላይ ቀጭን ሆነው፣ በተለመደው የደወል ቅርጽ ቢደረደሩ፣ ከ50ኛ ወደ 60ኛ ፐርሰንታይል ለመውጣት 2.5 ማርክ ገደማ ይበቃል። መሐል ላይ ሰው ስለተጨናነቀ ሁለት ሦስት ጥያቄ ብዙ ሰው ያሳልፋል። ከ98ኛ ወደ 99ኛ ለመውጣትም የሚያስፈልገው 2.7 ማርክ ያህል ነው። አንዱ ጋ 10 ደረጃ፣ ሌላው ጋ 1 ደረጃ፣ ጥረቱ ግን ተቀራራቢ። ስለዚህ ከ50 ወደ 60 የወጣ ልጅ ከ98 ወደ 99 ከወጣችው 10 እጥፍ አሻሻለ ማለት ቀልድ ነው። የሦስት ትምህርት ፐርሰንታይል ደምሮ ለሦስት ማካፈልም በዚሁ ምክንያት አይሠራም። ጄኢኢ ሜይንም የጠቅላላውን ፐርሰንታይል ከጠቅላላው ጥሬ ማርክ ነው የሚያሰላው፤ ከየትምህርቱ ፐርሰንታይል አማካይ አይወስድም።

ፐርሰንታይሉ የተሰላበት ሕዝብ ማን እንደሆነም መጠየቅ ነው። በጂአርኢ በቅርብ ዓመታት በቋንቋው ክፍል 160 ያመጣ ሰው ከ10 ተፈታኝ 8ቱን ይበልጣል። በሒሳቡ ያው 160 የሚበልጠው ግማሹን ገደማ ነው። ሒሳብ የሚችሉ ብዙ ሰዎች ስለሚወስዱት ላይኛው ጫፍ ተጨናንቋል። ሠንጠረዡ በየዓመቱ ይታደሳል። ስለዚህ የዛሬ ሦስት ዓመት የወሰዳችሁት 160 አሁንም 160 ነው፤ ፐርሰንታይሉ ግን ወንበር ሳትለቁ ሊወርድ ይችላል። ሌሎች ስለመጡ።

ይህ በአንድ ፈተና ውስጥም ያጋጥማል። አንድ ጥያቄ የተሳሳተ ሆኖ ተገኘና ማርኩ ለሁሉም ይሰጥ ተባለ እንበል። ያ 2,000 ሰው ያለበትን ፈተና አስቡ፤ እኩል ያመጡትም በሚቆጠሩበት አሠራር 87 ላይ ነበራችሁ። በዚያ ጥያቄ ላይ እናንተ መጀመሪያ ትክክል የተባለውን መልስ መርጣችሁ ማርኩን አግኝታችኋል። ስለዚህ ለእናንተ አዲስ የሚጨመር የለም። እኩል ከነበሩት 40 ሰዎች ግን 15ቱ ስተውት ነበር። እነሱ አንድ ማርክ አግኝተው አለፏችሁ። ከእናንተ እኩል ወይም በታች ያለው አሁን 1,725 ሰው ነው። ማርካችሁ ያው የቀድሞው ነው። ፐርሰንታይላችሁ 86.25 ሆኗል።